ከክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምኖረው፤ በአንድ የንግድ ድርጅት አስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ። ባለፈው የረመዳን ፍቺ ለሙስሊም ባልደረቦቻችንና ለፎቁ ጎረቤቶች ሙሸበክና ሐለዋ የምናድልበት 60 ካርቶን አሳተምኩ። ክዳኑ ላይ የካዕባን ሥዕልና በወርቅ ቀለም የተጻፈ የሚያምር ዓረብኛ ከኢንተርኔት ወስጄ አደረግሁበት። ሁሉም አመሰገነኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ጥበቃችን፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው አባት፣ ከቢሮው ጀርባ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያወጡ፣ በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ ፌስታል ውስጥ ሲከቱ አየኋቸው። ምን ሆነው እንደሆነ ስጠይቃቸው ‹ምንም አይደለም ልጄ› ብለው ዝም አሉ። በኋላ አንዲት ባልደረባዬ ጽሑፉ የቁርአን ቃል መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ሐጂን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አሁን አረፋ እየደረሰ ነው። 22 ካርቶን ተርፎ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ሥራ አስኪያጃችን ‹የተረፈውን ተጠቀሚበት፤ ለአዲስ ዓመት ደግሞ መስቀልና ጨረቃ አንድ ላይ ያለበት ካርድ አሠሪ፤ ማንም አይቀርበትም› ብሎኛል። ግቢያችን ውስጥ የሐረር ሰው የሆኑ እናትና ፕሮቴስታንት ጎረቤትም አሉኝ። ለማን ምን ልላክ? ሰ. ነኝ፣ ከከዚራ።»

እህቴ ሰ.፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ካርቶኑን ትቼ ያሰብኩት ስለ ሽርጡ ጫፍ ነው። ሐጂ ያን ሲያደርጉ አንቺን እየወቀሱ አይመስለኝም። ወቀሳ ቢሆን ኖሮ ለሥራ አስኪያጁ ይነግሩ ነበር፣ ወይም በቀጥታ ይነግሩሽ ነበር። እሳቸው ያዩት ቃሉን ነው፤ ቃሉ ቆሻሻ ላይ ወድቆ ማለፍ ስላልሆነላቸው አነሡት። በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄደሽ የምታውቂ ከሆነ ይህ ስሜት አይጠፋሽም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እግር ሥር የመልአኩ ሥዕል ያለበት ወረቀት ወድቆ ብታዪ ጎንበስ ብለሽ ታነሺው የለም? አቧራውን አራግፈሽ፣ ተሳልመሽ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ። ማን እንደጣለው መጠየቅ በዚያች ሰዓት ትዝ አይልሽም። ሐጂም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ «ምንም አይደለም ልጄ» ያሉሽን እኔ እንደ ኩርፊያ አልሰማሁትም። አንቺ እንዳታፍሪ የሸፈኑሽ ይመስለኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ስለዚያ ነገር አንሥተሽላቸዋል? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ አላነሣሽም፤ ፊታቸውን መሸሽ ነው የያዝሽው። እሳቸው ደግሞ መሸሽሽን እያዩ ምን እያሰቡ ይሆን? ምናልባት የተቀየምሽው አንቺ መስለሻቸው ይሆናል።

ወደ ክዳኑ እንምጣ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ለብዙ ዓመት እዚሁ ድሬ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠርግ ጥሪና የበዓል ካርድ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ አንቺ ያሳተምሽውን የሚመስል ሥራ በእኔም እጅ አልፏል። በክዳንሽ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ለየብቻ እንያቸው።

አንደኛው የሥዕሉና የበዓሉ አለመገጣጠም ነው። ካዕባ የሐጅ ቦታ ነው፤ ከሐጅ ጋር የሚያያዘው በዓል አረፋ ነው እንጂ የረመዳን ፍቺ አይደለም። የረመዳን ፍቺ የጾም መፈጸሚያ ነው፤ የሸዋል ወር ጨረቃ ሲታይ ጾሙ ያበቃል። ሙስሊም በየቀኑ ፊቱን ወደ ካዕባ አዙሮ ስለሚሰግድ ሥዕሉ በረመዳን ፍቺ ላይ ቢገኝ ማንንም አይጎዳም። ግን ለአንቺ የጥምቀት ምኞት የሆሳዕና ዘንባባ ያለበት ካርድ ቢደርስሽ ምን ይሰማሻል? አትቆጪም። ላኪው የሃይማኖትሽን ስም ያውቃል፣ በዓልሽን ግን አያውቀውም ብለሽ ታልፊዋለሽ። የምልክት ምርጫ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው፦ የሃይማኖቱን ዓርማ ከመፈለግሽ በፊት፣ ሰዎቹ በዚያ ቀን ምን ያደርጋሉ ብለሽ ጠይቂ።

ሁለተኛው ጽሑፉ ነው፤ ዋናው ጉዳት የደረሰውም በእሱ ነው። ከኢንተርኔት የሚወሰዱት እነዚያ የወርቅ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» ወይም ሌላ የቁርአን አንቀጽ ናቸው። ማንበብ ለማይችል ሰው ጌጥ ይመስላሉ፤ ለሚያነብ ግን የአምላክ ቃል ናቸው። የካዕባ ሥዕል ራሱም ከዚህ ነፃ አይደለም። ካዕባን የሚሸፍነውን ጥቁር ጨርቅ፣ ኪስዋ የሚሉትን፣ በአጉሊ መነጽር ብታዪው ከላይ በዙሪያው የሚሄደው የወርቅ መቀነት በቁርአን አንቀጾች የተጠለፈ ነው። ፎቶግራፉ ጥራት ካለው ያ ጽሑፍ ካርቶኑ ላይም ይነበባል። ማለትም ዓረብኛውን አጥፍተሽ ሥዕሉን ብቻ ብታስቀሪ እንኳ ቃሉ ክዳኑ ላይ ይቀራል።

ታዲያ ቃሉ መጻፉ ራሱ ስሕተት ነው? አይደለም። በሙስሊም ቤት ግድግዳ ላይ በክብር ተሰቅሎ ታዪዋለሽ። ችግሩ ካርቶን መሆኑ ላይ ነው። ሙሸበክ ዘይትና ሽሮፕ ነው፤ ክዳኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀባል፣ ልጆች ይልሱታል፣ ማታ ይጣላል። ማተሚያ ቤት ሳለሁ ደንበኛ ሲመጣ ቀድሜ የምጠይቀው «ይህ ወረቀት ከነገ ወዲያ የት ይሆናል?» ብዬ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ አንድ ነገር ነው። ገንዳ ውስጥ የሚገባ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ፣ እጅ የሚጠረግበት ከሆነ ግን የአምላክ ስም፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ የመጽሐፍ ጥቅስ አይገባበትም፤ የማንም ሃይማኖት ይሁን። ለገናም እንደዚሁ ነው፦ የእመቤታችንን ሥዕል የዳቦ መጠቅለያ ላይ አታሳትሚም።

አሁን የተረፉትን 22 ካርቶኖች እናንሣ። ለአረፋ አትጠቀሚባቸው። ካዕባ ከአረፋ ጋር ስለሚሄድ ሥራ አስኪያጁ «እንዲያውም አሁን ነው ቦታው» ሊልሽ ይችላል፤ ነገር ግን የጽሑፉ ጉዳይ ያው ነው፣ ሐጂም ገንዳው ጋ እንደገና ይቆማሉ። አንቺም ቀዳደሽ አትጣያቸው። ክዳኖቹን ብቻ በመቀስ ቁረጪና በንጹሕ ፖስታ ውስጥ አድርጊያቸው። የታችኛው ክፍል ጽሑፍ ከሌለበት ለሌላ ዕቃ ይሆናል። ፖስታውን ይዘሽ ሐጂ ዘንድ ሂጂ። ያረጀ የቁርአን ጽሑፍ በንጹሕ ቦታ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ እሳቸው እንዴት እንደሚደረግ ያውቃሉ፣ ወይም ለመስጊዳቸው ይሰጡታል። በሩ ላይ ሰው ሲግተለተል አይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ግቢው ጭር ሲል ሂጂ። ብዙ ቃልም አያስፈልግሽም። «ሐጂ፣ ያን ቀን ያነሡትን ካርቶን ያሳተምኩት እኔ ነኝ። የተጻፈውን ማንበብ አልቻልኩም ነበር፤ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም። ይቅር ይበሉኝ። የቀረው ይኸው፣ እንደሚገባው ያድርጉልኝ» በያቸው። ማልቀስ ከመጣብሽ አልቅሺ። ግን «እኔኮ ለክብራችሁ ብዬ ነው» የሚለውን እዚያ ላይ አትጨምሪው፤ እሳቸው ያውቁታል፣ ሲነገር ግን ይቅርታውን ወደ ክርክር ይወስደዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ አዲሱ ካርቶን የምታወሪው። ለአረፋ ምን ይደረግበት ብትዪኝ፣ እኔ ብሆን ክዳኑ ላይ በትልቁ በፊደላችን «ኢድ ሙባረክ» ብዬ፣ ዙሪያውን የሐረር ስፌት ጌጥ አደርግበት ነበር። ያ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰፌድ ላይ የምታዪው ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቅማ ጥልፍልፍ የዚሁ አገር ነው፤ ማንም ሲጥለው አይሳቀቅም፣ ሲያየው ደግሞ ከዱባይ የመጣ አይመስለውም። «እንኳን ለአረፋ በዓል አደረሳችሁ» ብሎ መጻፍም ይበቃል። የሂጅራውን ዓመት መጨመር ከፈለግሽ ያለፈውን ካርድ ቁጥር አትቅጂ፤ አረፋ የሚውለው በዓመቱ መጨረሻ ወር፣ በ12ኛው ስለሆነ ከሳምንታት በኋላ ሙሐረም ሲገባ ቁጥሩ ይለወጣል። ሳይጻፍ ቢቀር ማንም አይጠይቅሽም።

ጨረቃና ኮከብ ላድርግበት እንዴ ትዪ ይሆናል፤ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው። መስቀል ለእኛ የእምነታችን መሠረት ነው። ጨረቃ ግን ለሙስሊሞች እንደዚያ አይደለም፤ በሃይማኖቱ የታዘዘ ምልክት ሳይሆን በተለይ በኦቶማኖች ዘመን በባንዲራና በመስጊድ አናት ላይ እየተለመደ የመጣ ነው። ብዙዎች ይወዱታል፣ አንዳንዶች ደግሞ «የእስልምና መስቀል» ተደርጎ ሲቀርብ ደስ አይላቸውም። ለረመዳን ፍቺ ቀጭን ጨረቃ ትርጉም አለው፤ ጾሙ የሚያበቃው በእሱ መታየት ነውና። አረፋ ግን የወሩ አሥረኛ ቀን ነው። በዚያ ሌሊት ቀና ብለሽ ብታዪ ጨረቃው ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ቀጭኑ ጨረቃ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ይህን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው፤ ሐጂን የመሰለ ሰው ግን ያስተውለዋል።

በዓረብኛ ይጻፍበት የሚል ከመጣ ደግሞ «ኢድ ሙባረክ» የሚሉት ሁለት ቃላት የአምላክ ስምም የቁርአን አንቀጽም ስለሌለባቸው ለካርቶን ይሆናሉ። «ተቀበለላሁ ሚና ወሚንኩም» የሚለውን ግን አታሳትሚ። የአላህ ስም አለበት፤ ምኞቱም አምልኮን አብረው የፈጸሙ ሰዎች እርስ በርስ የሚባባሉት ነው። ሌላው አደጋ ያለው ኮምፒዩተሩ ላይ ነው። ዓረብኛን የማያስተናግድ የዲዛይን ፕሮግራም ፊደሎቹን ይነጣጥላቸዋል፣ ከግራ ወደ ቀኝም ይገለብጣቸዋል። እኔ ራሴ ሁለት መቶ የሠርግ ጥሪ እንደዚያ ተበላሽቶ አውጥቼ ደንበኛዋ እያየች ሰብስቤዋለሁ፤ ፊቷ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ፊደሉን ባታውቂም መለየት ትችያለሽ። «ኢድ» የሚለው በቀኝ በኩል የሚቀድመው ቃል ሲሆን፣ ሦስቱም ፊደሎቹ ተያይዘው አንድ ወጥ ቅርጽ መሆን አለባቸው። በሦስት ቁራጭ ተለያይተው ካየሻቸው ተበላሽቷል። «ሙባረክ» ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ይያያዛሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለየብቻ ይቆማሉ፤ እሱ ትክክል ነው፣ አትደንግጪ።

የሥራ አስኪያጁ የአዲስ ዓመት ካርድ ሐሳብ ከቅንነት የመጣ መሆኑ ይታየኛል። ማንም እንዳይቀር ነው የፈለገው። ግን መስቀልና ጨረቃ ጎን ለጎን ሲቆሙ ካርዱ የአዲስ ዓመት መሆኑ ይቀርና «እናንተ እዚህ፣ እናንተ እዚያ» ብሎ ሰውን የሚያሰልፍ ይሆናል። ፕሮቴስታንቷ ጎረቤትሽስ በየትኛው ትቆማለች? መስቀሉ ባለ ሐረግ የላሊበላ ዓይነት ከሆነ የራሷ አድርጋ አታየውም። መስከረም 1 ለአንቺ ቅዱስ ዮሐንስ ነው፤ ለሐጂ የዘመን መለወጫ ነው። ሁለታችሁም የምትጋሩት ዘመኑን ነው። ስለዚህ አደይ አበባ ይበቃዋል። እሱን ለሥራ አስኪያጁ ስታቀርቢ «የእርስዎ ሐሳብ ልክ አይደለም» አትበይው፤ ሁለት ናሙና አሠርተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪለት፣ አንዱ እሱ ያለው፣ አንዱ አደይ አበባ። ካርዱን ከሚቀበሉት ከየሃይማኖቱ አንድ አንድ ሰው ጠርቶ የትኛውን እንደሚመርጡ ይጠይቅ። ምርጫው ከእነሱ ሲመጣ ለአንቺም ለእሱም ይቀላል።

ለፕሮቴስታንት ጎረቤትሽ ገናና ፋሲካ ላይ እንኳን አደረሰሽ ማለት ነው፤ ሁለቱንም ታከብራለች። የገናው ካርድ ላይ የቅዱሳን ሥዕል ከመሆን ይልቅ በረቱና ኮከቡ ቢሆን ለሁለታችሁም የሚሆን ታገኛላችሁ። ጥምቀትና መስቀልን ብዙዎቹ እንደ በዓል ስለማያከብሩ ያኔ ካርድ ባትልኪላት አልረሳሻትም፤ ቡና አፍልተሽ ጥሪያት። ከሙስሊሞቹም ዘንድ ለመውሊድ እንዲሁ ጠንቀቅ በይ፦ በድምቀት የሚያከብሩ አሉ፣ የማያከብሩም አሉ። ለቢሮው ሁሉ አንድ ሥዕል ከመበተን፣ ሲያከብሩ ያየሻቸውን በአንደበትሽ እንኳን አደረሳችሁ በያቸው።

ግቢያችሁ ያሉት የሐረር እናት ላይ ደግሞ አንድ ዕድል አለሽ። ከረመዳን ፍቺ በኋላ ስድስት ቀን ተጨማሪ ጾም አለ፤ እሱ ሲያበቃ ሐረሪዎች ሸዋል ኢድ የሚሉት የራሳቸው በዓል ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው እሱን ነው። ሌላው ሁሉ «ኢድማ አለፈ» ብሎ በሚረሳበት ሳምንት አንቺ በራቸውን አንኳኩተሽ «እማማ፣ እንኳን ለሸዋል ኢድ አደረሰዎት» ብትያቸው፣ እንዴት እንደሚቀበሉሽ አስቢው። ለእሳቸው ሥዕል አትላኪ። የጅብ ማብላቱን ወይም የጀጎልን በር ፎቶ በስልክ መላክ የአገር ጎብኚ ሰላምታ ነው፤ እሳቸው እዚያው ነው የተወለዱት። ይልቅ ምን ይዤ ልሂድ ካልሽ ቴምር ወይም ስኳር ያዢ። ሥጋ ያለበትን ነገር ተዪው፤ የእርድ ነገር ስላለ እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል፣ መቀበልም ይከብዳቸዋል።

በስልክ ስለሚላኩት ሥዕሎች ባጭሩ፦ ገንዳ ውስጥ አይገቡም፣ ስለዚህ የካርቶኑ ሥጋት የለባቸውም። ግን ማንበብ የማትችዪውን ጽሑፍ ያለበትን ሥዕል ለማንም አታስተላልፊ። በራስሽ እጅ የጻፍሽው «ሐጂ፣ ኢድ ሙባረክ፤ ለልጆቹም አድርሱልኝ» ከየትኛውም ወርቃማ ሥዕል ይልቅ ይነበባል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው የሚመስለኝ፦ በዚህ ሳምንት ክዳኖቹን ቆርጠሽ ወደ ሐጂ ትሄጃለሽ። ይቅርታው ካለፈ በኋላ ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ሳይጀምር አንድ ናሙና ካርቶን ብቻ እንዲሠራልሽ ትጠይቂያለሽ፤ በስክሪን ላይ አይቶ መስማማት አይበቃም፣ ወረቀት ላይ ይውጣ። ናሙናውን ለሐጂ ወስደሽ «ይህ ቢጣል የሚያሳቅቅዎ ነገር አለበት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «ያምራል ወይ?» ብትያቸው «ያምራል ልጄ» ብለው ያልፉሻል፤ በፊትም ያለፉሽ እንዲሁ ነውና። አስተካክዪ ካሉሽ ለማረም ጊዜ እንዲኖርሽ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ አሳዪያቸው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።